ዱዓ ያለበት ማመልከቻ

ከሁሉ አስቀድሜ ለከተማችን ማመልከቻ ጸሐፊዎች ያለኝን አድናቆት ለመግለጽ እሞክራለሁ። «እሞክራለሁ» ማለትን የተማርኩት ከእነሱው ነው። ደብዳቤያቸው «ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው» ብሎ ይጀምራል። ርዕሱ እዚያው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣ በደማቁ ተጽፎ፣ ከሥሩ ተሰምሮበት ተቀምጧል። ግን ትሕትና ነዋ! ተሞከረ ይባላል እንጂ ተጻፈ አይባልም።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ሐጂ አንድ ማመልከቻ ይዘው መጡ። እዚሁ ደሴ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ያጻፉት ነው። «አንተ ልጅ፣ ፊደል ትለይ የለ? የተሳሳተ ካለው እስቲ እየው» አሉኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። ክፍያው በገጽ ስለሆነ ጸሐፊው ቃል አልሰሰተም።

ጉዳያቸው አንዲት ፊደል ናት። በመታወቂያቸው ላይ የአባታቸው ስም «እንድሪስ» ነው። የቤታቸው ካርታ ላይ ግን «እድሪስ» ተብሏል። «ን» ጠፍታለች። እሷን ለማስመለስ ነው ይሄ ሁሉ ቀለም የፈሰሰው።

ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ገጽ መንዙማ ነው ብል አላጋነንኩም። ድቤ ብቻ ነው የጎደለው። ኃላፊው እንደ ጦሳ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ለድሃ አባት፣ ለተጠማ ምንጭ ናቸው፤ ጤናቸው ይጠየቃል፤ ልጆቻቸው ይመረቃሉ። «ን» እስካሁን አልመጣችም። እኔ ግን ልቤ ተነክቶ ነበር።

ደግሞ የታማኝነቱ ነገር! ደብዳቤው «ለክቡር አቶ» ብሎ በስም ነው የተጻፈው። እኚህ ክቡር አቶ ከዚያ ወንበር ከተነሱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አሁን ያሉት ኃላፊ ሴት ናቸው። ጸሐፊያችን ግን የድሮ ወዳጁን አልከዳም። በስም የመጣ ወረቀት የግል ደብዳቤ ይመስላል፤ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅም ለማን እንደምትሰጠው ግራ ይገባታል። ለመሥሪያ ቤቱ ቢጻፍ ኖሮ ሹም ቢነሳ ሹም ቢተካ፣ ክቡርም ይሁኑ ክብርት፣ ወረቀቱ መንገዱን አይስትም ነበር። ግን እንዲህ ያለ ደረቅ ነገር ማን ይጽፋል?

አክብሮቱም በየአንቀጹ ይታደሳል። ሲጀምር «ክቡርነትዎ» ነው። መሃል ላይ «እናንተ» ሆነ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ደግሞ «የልቤን አንተው ታውቃለህ» ይላል። ይቺ ለአላህ ትሁን ለኃላፊው አልለየሁም። ሐጂን ጠየቅኳቸው። እሳቸውም አልለዩም።

«ጉዳዩ» የሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው «አቤቱታን ይመለከታል» ነው። እንዴት ያለ ሚስጥር ጠባቂ ርዕስ ነው! መዝገብ ቤት ወረቀቱን ወደየክፍሉ የሚመራው ይቺን መስመር አይቶ ነው። አቤቱታ ሲል ወደ ቅሬታ ሰሚ ሊመራው ይችላል። ሐጂ ደግሞ ቅሬታ የለባቸውም፤ «ን» ብቻ ናት የጎደለቻቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ስሙ እንዲታረም የሚጠይቀው ደብዳቤ ራሱ ስሙን በሦስት ዓይነት ጽፎታል። አንደኛው ገጽ ላይ «እንድሪስ»፣ ሁለተኛው ላይ «ኢድሪስ»፣ ፊርማው ሥር ደግሞ «ዕድሪስ»። ካርታው ላይ ያለውን ስህተት ሳይጠቅሰው ሁለት አዲስ ስህተት ጨመረበት። ይሄን ያነበበ ባለሙያ የትኛውን ይመን? ለጨዋታ ያህል እንጂ፣ እኔ ማንኛውንም ማመልከቻ ሳርም መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። መታወቂያውን ከጎኑ አስቀምጬ ስሙን ፊደል በፊደል አመሳክራለሁ፣ ከላይ እስከ ፊርማው። «ሀ»ና «ሐ»፣ «ሰ»ና «ሠ»፣ «አ»ና «ዐ» ለጆሮ አንድ ናቸው። ለመዝገብ ግን የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

መዝጊያው ደግሞ ለብቻው ሊደነቅ ይገባዋል። «እንዲደረግልኝ ስል በትሕትና እየጠየቅሁ በማክበር አመለክታለሁ» ይላል። አንድ ጥያቄ በሦስት ግሥ ተጠየቀ። ከዚያ ምርቃት። ከዚያ «ከሰላምታ ጋር»። ከዚያ አሁንም ምርቃት። መጨረሻ ላይ ግልባጭ ይመጣል፤ ከቀበሌ ተነስቶ አዲስ አበባ ይደርሳል። አንደኛው ገጽ ላይ እግር የሳመ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ዱላ ማንሳቱ ነው። አባሪ ግን የለም። ካርታውም መታወቂያውም ቤት ቀርተዋል።

አንገቴን ደፍቼ ይሄን ሁሉ ውበት አበላሸሁት። የቀረው ይሄ ነው።

ቀን፦ ____

ለ ____ ጽሕፈት ቤት
ደሴ

ጉዳዩ፦ በካርታ ላይ የተሳሳተ የአባት ስም እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

በስሜ በተሰጠውና ቁጥሩ ____ በሆነው የቤት ካርታ ላይ የአባቴ ስም «እድሪስ» ተብሎ ተጽፏል። በመታወቂያዬ ላይ እንደሚታየው ትክክለኛው ስም «እንድሪስ» ነው። ስለሆነም ጽሕፈት ቤቱ አባሪ ያደረግኋቸውን ማስረጃዎች ተመልክቶ ስሙን እንዲያርምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

አባሪ፦ የካርታ ቅጂ 1 ገጽ፣ የመታወቂያ ቅጂ 1 ገጽ

ሐጂ አዩትና ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው። «የቀረው የታለ?» አሉኝ።

«አለቀ ሐጂ።»

«እንዴ! ሰው ቤት ገብቶ ቡና ሳይጠጡ እንደመውጣት አይሆንም እንዴ? ይሄ እኮ ራቁቱን ነው።»

አክብሮቱ እንዳለ አስረዳኋቸው። «በአክብሮት እጠይቃለሁ» አንድ ጊዜ አለ፣ «ከሰላምታ ጋር» አንድ ጊዜ አለ። «ያርምልኝ» ያልነውም ለመሥሪያ ቤቱ ነው፤ እንደ ትእዛዝ እንዳይሰማ ደግሞ «እንዲያርምልኝ» አድርገነዋል። ግልባጩን ያስወጣሁት ገና ማንም እንቢ ስላላላቸው ነው። እንቢ ከተባሉ ያን ጊዜ በሌላ ደብዳቤ ይመጣል። ሰሙኝ። ግን ፊታቸው አልፈታም። ዱዓው መውጣቱ ከንክኗቸዋል።

«ከፍዬበታለሁ እኮ» አሉ በመጨረሻ።

በማግስቱ አብሬያቸው ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ «ጉዳዩ» የሚለውን አንዴ አየችው። አባሪውን ቆጠረች፣ ሁለት። መታወቂያቸውን ተቀብላ ስሙን ከደብዳቤው ጋር አመሳከረች። ከዚያ ማኅተሙን አነሳች።

ሐጂ ይቺን ነበር የሚጠብቁት። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፣ ከወረቀቱ ያስወጣሁትን በሙሉ በቃላቸው ጀመሩት። ትዳሯ ተመረቀ፣ ልጆቿ ተመረቁ፣ ወንበሯም ተመረቀ። ጦሳም ሳይቀር ተመለሰ። ከኋላችን የተሰለፈው ባለጉዳይ በየመሃሉ «አሚን» ይላል።

ልጅቷም «አሚን ሐጂ፣ አሚን» እያለች ማኅተሙን መታችውና ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው።