እርማት፦ የሰዓት ገደብ ብቻውን ክብደት አይቀንስም

«16 ሰዓት ከጾምኩ ሰውነቴ ስብ ስለሚያቃጥል፣ በቀሩት 8 ሰዓታት የፈለግኩትን ብበላም እከሳለሁ አይደል?»

ምግብ ሳይቀመስ ሰዓታት ሲያልፉ የኢንሱሊን መጠን ወርዶ ሰውነት ወደ ተጠራቀመው ስብ መዞሩ እውነት ነው። ስህተቱ ከዚህ በተወሰደው ድምዳሜ ላይ ነው፤ በጾሙ ሰዓት የተቃጠለው ስብ፣ በኋላ ከሚያስፈልገው በላይ ከተበላ ተመልሶ ይከማቻል።

በቻይና ጓንግዡ ከተማ ተካሂዶ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን በሚገባ ያሳያል። ከልክ ያለፈ ውፍረት የነበረባቸው 139 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተመሳሳይ የካሎሪ ገደብ ተሰጥቷቸው፣ ግማሽ ያህሉ ብቻ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲመገቡ ተደረገ። የሰዓት ገደብ የነበረባቸው በአማካይ 8 ኪሎ፣ ሌሎቹ 6.3 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ ግን በአጋጣሚም ሊከሰት የሚችል በመሆኑ፣ ተመራማሪዎቹ ሰዓቱ ተጨማሪ ጥቅም ማስገኘቱን ሊያረጋግጡ አልቻሉም።

ለእርስዎ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው በ2020 የታተመው የሳን ፍራንሲስኮ ጥናት ነው፤ ተሳታፊዎቹ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። ከ12 ሳምንት በኋላ የቀነሱት በአማካይ ከ1 ኪሎ በታች ሲሆን፣ በቀን ሦስት ጊዜ ከተመገቡት ሰዎች የጎላ ልዩነት አልታየባቸውም።

በዚህ መንገድ የከሱ ሰዎች መኖራቸውን አልክድም፤ የምሽቱን መክሰስ ሲተዉ የሚበሉት ጠቅላላ መጠን ስለሚያንስ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ግን ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል፣ ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይጀምረው አደራ እላለሁ።