ሁለተኛው ፀጉር ቤት በቀን ስንት ደንበኛ ይፈልጋል?

«አንዱ ሳሎን ሞልቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው እየመለስን ነው። ሁለተኛ ብንከፍት ያዋጣን ይሆን?»

የመጀመሪያው ሳሎን ትርፍ ይህን አይነግረንም። መታወቅ ያለበት አዲሱ ቤት ገቢና ወጪው እኩል የሚሆነው፣ ማለትም ብሬክ ኢቨን የሚደርሰው፣ በስንት ደንበኛ እንደሆነ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚከፈት መካከለኛ የሴቶች ፀጉር ቤት በምሳሌነት ወስደን እናስላው። ቁጥሮቹን እያንዳንዱ ባለቤት በራሱ ደረሰኝ ይተካቸው።

አንዲት ደንበኛ በአማካይ 800 ብር ትከፍላለች እንበል። ይህ ቫት ሳይጨምር ነው። ሳሎኑ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነ ደንበኛዋ ከእጇ የምታወጣው 920 ብር ቢሆንም 120ው የመንግሥት ነው፤ ብዙ ስሌት ገና ከጅምሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ከ800ው ላይ ፀጉር ሠሪዋ 40 በመቶ ኮሚሽን ብታገኝ 320 ብር ይሄዳል። ለሻምፖ፣ ለኮንዲሽነር፣ ለትሪትመንትና ለቅባት 80 ብር እንያዝ። ለቤቱ የሚቀረው 400 ብር ነው።

ደንበኛ ኖረም አልኖረም በየወሩ የሚወጣው ደግሞ ይህ ነው፦ ኪራይ 70,000፣ የሥራ አስኪያጅ ደመወዝ 20,000፣ ተቀባይና ጽዳት 18,000፣ መብራት፣ ውኃና የጄኔሬተር ነዳጅ 9,000፣ ስልክና ሒሳብ ሠራተኛ 5,000 ብር። ለዕቃና ለማደሻ የወጣውን 1,080,000 ብር በ36 ወር ስናካፍለው 30,000 ይሆናል። ድምሩ 152,000 ብር ነው። ለ400 ሲካፈል 380 ደንበኛ፣ በ26 የሥራ ቀን ደግሞ በቀን 15 ገደማ ይመጣል።

የሥራ አስኪያጁን ደመወዝ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። በመጀመሪያው ሳሎን ባለቤቷ ራሷ ገንዘብ ትቀበላለች፣ ዕቃ ትገዛለች፣ የቆዩ ደንበኞቿንም ትሠራለች፤ ለዚህ ሁሉ ደመወዝ ጽፋ ስለማታውቅ ትርፉ ከእውነቱ በላይ ገዝፎ ይታያል። ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ መገኘት ስለማይቻል ያ ሥራ አሁን ይከፈልበታል። ኪራዩም እንዲሁ ያሳስታል። የ6 ወር ቅድሚያ ከተከፈለ በኋላ በየወሩ የሚወጣ ስለሌለ ቤቱ የሚያተርፍ ይመስላል። ከዚያ 420,000 ብር በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ 70,000 ብሩ ለብቻው መቀመጥ አለበት።

ከሁሉ የከበደው ስህተት ግን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚዞረውን ደንበኛ እንደ አዲስ መቁጠር ነው። አዲሱ ቅርንጫፍ ለቤቷ ስለሚቀርባት ብቻ የመጣች ደንበኛ እዚህ 400 ብር ስትጨምር እዚያ 400 ብር ትቀንሳለች። ከአራት አንዷ እንዲህ ከሆነች፣ 380 እውነተኛ አዲስ ደንበኛ ለማግኘት በወር 507 ሰው መስተናገድ አለበት። በቀን 20 ማለት ነው። መጠኑን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ሳሎን ገንዘብ ተቀባይ ለአንድ ወር ያህል እያንዳንዷን ደንበኛ «ከየት ሰፈር ነው የመጣሽው?» ብላ ትጠይቅና ትመዝግብ።

20 ደንበኛ በቤቱ አቅም ይቻላል ወይ? አማካዩ ያታልላል። 507 ሰው በሳምንት 117 ነው። ግማሹ ዓርብና ቅዳሜ ከመጣ በእያንዳንዱ ቀን 29 ሰው ይሆናል። ወረፋውን የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ ወንበሩ ሳይሆን ካስኩ ነው። በቢጎዲን የተጠቀለለ ፀጉር አንድ ሰዓት ያህል ካስክ ሥር ይቆያል፤ አብዛኛዋ ደንበኛ ካስክ የምትገባ ከሆነ፣ 3 ካስክ ያለው ቤት በ10 ሰዓት 30 ሰው የሚያስተናግደው ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ደቂቃ ባዶ ካልሆነ ብቻ ነው። ያ ደግሞ አይሆንም። ካስክ ወደ 5 ሲያድግ የመብራት ጭነቱም ያድጋል። ካስኮቹና የእጅ ማድረቂያዎቹ አብረው ሲበሩ ቆጣሪው እንዳይጥል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መስመሩን ማየት ያለበት ውል ከመፈረሙ በፊት ነው።

በዚህ ላይ የዐቢይ ጾም 55 ቀን አለ። የኦርቶዶክስ ሠርግ ስለማይኖር የሙሽራና የአጃቢ ሥራ ይጠፋል። የመጀመሪያውን ሳሎን መዝገብ ገልጦ የጥርን ወር ከጾሙ ወር ጋር ማወዳደር ያስፈልጋል። በጥር ገቢ የተሠራ ስሌት መጋቢት ላይ ይወድቃል።

ስሌቱን ገልብጦ መሥራትም ይቻላል፤ እኛም የምንመክረው ይህን ነው። ሰፈሩን ካጠኑ በኋላ የሚጠበቀው በወር 400 ሰው፣ ከዚያም አዲሱ 300 ብቻ ከሆነ፣ የሚገኘው 120,000 ብር ነው። ከኪራይ ውጪ ያለው ወጪ 82,000 ብር ነው። ቤቱ ሳይከስር ሊከፍል የሚችለው ከፍተኛ ኪራይ 38,000 ብር ይሆናል። አከራዩ ከ70,000 አልወርድም ካለ ሌላ ቤት መፈለግ ነው።