ለክቡር ክብ ማህተም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቁጥር፦ የለውም
ቀን፦ አርብ፣ ከምሳ በኋላ
ለ፦ ክቡር ክብ ማህተም
ካሉበት መሳቢያ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ አንዴ ብቅ እንዲሉልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የእኔን አይጠይቁኝ።

የኢንተርንሺፕ ቅጹ የተሰጠኝ ሰኞ ነው። አርብ እስከ 10 ሰዓት ለትምህርት ክፍሉ መመለስ አለበት። እኔ የምሞላው ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ልምምዱ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን ነው። ከማራኪ ፒያሳ እስክደርስ ባጃጅ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ጨረስኩት። ቀሪው ግማሽ ገጽ የእርስዎና የተቆጣጣሪዬ ነው።

ተቆጣጣሪዬ ጋሼ ማክሰኞ ፊልድ ነበሩ። ረቡዕ ስብሰባ። ሐሙስ ጠዋት ደረጃው ላይ አገኘኋቸው፤ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ፈረሙልኝ። «ማህተሙን እታች፣ መዝገብ ቤት» አሉኝ። ያለቀ መስሎኝ እናቴ ጋ ደወልኩ። ሞኝ!

እታች ያሉት እትዬ ቅጹን እንደ መቶ ብር ወደ መብራቱ አነሱት።

«ቲተሩስ? እኔ ጭረት ላይ አላትምም።»

እውነት ለመናገር ልክ ናቸው። ከፊርማው ስር ስምና ኃላፊነት ካልተነበበ እርስዎ ማንን እንደሚያጸኑ በምን ይታወቃል? ወጣሁ። ጋሼ ቲተሩን ከኮት ኪሳቸው አወጡ። ወረድኩ።

«ሸኚ ደብዳቤህስ ተመርቷል?»

ዩኒቨርሲቲው የጻፈልኝ ደብዳቤ ጠርዙ ላይ ኃላፊው «ይፈጸም» ብለው ካልጻፉበት እርስዎ አይነሱም። ኃላፊው ሲመሩልኝ 11 ተኩል ሆነ። መሳቢያው ተቆለፈ።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉ ከእትዬ ጋር ለቅሶ ሄዷል። አርብ ደግሞ ምሳ ከ5 ተኩል እስከ 7 ተኩል ነው። 8 ሰዓት ላይ መጡ፤ ነፍስ ይማር ብዬ ወደ ጉዳዬ ገባሁ።

ታተመ። ግማሽ ጨረቃ! ቀለሙ ደርቋል። እትዬ እርስዎን ወደ አፋቸው አስጠግተው «ሃህ» አሉብዎት፤ እንደገና ረገጡ። ዙሪያው ተነበበ፣ የፊርማውን ጫፍም ነካ። ሐምራዊዎ እንዴት ያምራል! ልስምዎ ምንም አልቀረኝ።

ትምህርት ክፍሉ ጋ ስደርስ 9 ሰዓት። ጸሐፊዋ ፈገግ አለች። «ሁለት ኦርጅናል ነው የሚያስፈልገው። አንዱ እዚያው ድርጅቱ ጋ ይቀመጣል።» ፎቶ ኮፒ ላድርገው አልኩ። «ማህተሙ ጥቁር ይወጣል። አንቀበልም።»

ይህን የምጽፈው የመዝገብ ቤቱ መስኮት ስር ቆሜ ነው። 9 ከ40 ሆኗል። ሁለተኛው ቅጽ ተሞልቷል፤ ፊርማና ቲተር ብቻ ቀርቶታል። ጋሼ ግን ፊልድ ወጥተዋል አሉ።

ከሰላምታ ጋር
(የማይነበብ ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለእናቴ (ቸኩዬ ነው የደወልኩት)
ለባጃጁ ሹፌር (አትሂድ፣ ጠብቀኝ)