ምስጋናውና አባሪው

የፋብሪካችን ሂሳብ ሹም ሰኔ 1 ቀን ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ የላከውና ግልባጩን ለሁላችንም ያደረሰው የሥራ መልቀቂያ ኢሜይል ከግማሽ ገጽ አይበልጥም ነበር፤ አባሪው ግን ሰባት ገጽ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ከፍጥነት መንገዱ መግቢያ አለፍ ብሎ በሚገኘው በዚህ የፕላስቲክ ቱቦ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ እንደመሥራቴ ብዙ የመልቀቂያ ደብዳቤ አንብቤአለሁ። አብዛኛው «በግል ምክንያት» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ያበቃል። ይህኛው ሰውዬ ግን ውጭ አገር ሥራ ማግኘቱን ገለጸ፣ ባልደረቦቹን በየማዕረጋቸው አመሰገነ፣ በመጨረሻም «በእጄ የሚገኘውን ሁሉ በዝርዝር ለማስረከብ ዝግጁ መሆኔን በትሕትና አሳውቃለሁ» ብሎ ፈረመ። ሰባቱ ገጾች የመጡት ከዚህ ትሕትና ነው።

ቀኑንም ቢሆን እንዲሁ በዘፈቀደ አልመረጠውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል፤ ዘመን አቆጣጠራችን ደግሞ ይመስገነውና ሰኔ ሠላሳ ቀን አለው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው የሚያልቀው የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት፣ የመጋዘኑ ዕቃ በሚቆጠርበትና ባንኩ የዓመቱን መጨረሻ ቀሪ ሂሳብ በሚጽፍበት ዕለት ሆነ። በወር አጋማሽ የሚደረግ ርክክብ አንዱን ወር ለሁለት ሰው ስለሚከፍል፣ በኋላ የጎደለ ነገር ሲገኝ ሂያጁ «ከእኔ በኋላ»፣ መጪውም «ከእኔ በፊት» እያሉ ይኖራሉ። የእኛ ሰው እስከ ቆጠራው ምሽት ድረስ ያለውን ለራሱ፣ ከሐምሌ 1 ጠዋት ጀምሮ ያለውን ለተረካቢው መድቦ አሰመረበት። እርግጥ ነው፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ባለው ጊዜ የሚቀርበው ዓመታዊው የገቢ ግብር ማስታወቂያ እሱን አገር ውስጥ አያገኘውም፤ ግን ይህን በአጋጣሚነት መያዙ ለሁላችንም ይሻላል።

የሠራተኛውን ቀልብ የሳበው በመጀመሪያ ርክክቡ አልነበረም። በዚያን ዕለት ማታ ሰርቪሱ ቃሊቲ እስኪደርስ ድረስ የተወራው «ውጭ አገር» ስለምትለው ቃል ብቻ ነው። የአነስተኛ ወጪ ሣጥኑን እስከ ሳንቲሙ የጻፈ ሰው የሚሄድበትን አገር ሳይጠቅስ አለፈ፤ ቪዛ እስኪመታ ድረስ አገር መጥራት ዓይን ያስገባል የሚለውን የትኛውም የሂሳብ መርሕ አልሻረውምና። ሾፌሩ ዱባይ ነው አለ፣ የጥራት ክፍሏ ልጅ ካናዳ ነው ብላ ተወራረደች፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ አገሩ የትም ይሁን ስልክ የሚረክስበት መሆኑን ብቻ ለማረጋገጥ ፈለጉ።

በማግሥቱ ግን አንድ ሰው አባሪውን ከፈተው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምስጋናው ክፍል የግዢ ኃላፊው «ስላሳዩኝ ወንድማዊ ቅንነት»፣ የሽያጭ ኃላፊዋ «ስለማይነጥፈው ፈገግታቸው»፣ የጥገና ክፍሉ ጋሼ «ስለ አባታዊ ምክራቸው» ተመስግነዋል። አባሪ 3 «እስከ ግንቦት 30 ያልተወራረደ የሠራተኞች ቅድሚያ ክፍያ» ይላል፤ ከሥሩም እነዚያው ኃላፊዎች በዚያው ቅደም ተከተል፣ የወሰዱት ገንዘብ፣ የወሰዱበት ቀንና የወሰዱበት ምክንያት ተዘርዝሯል። ወንድማዊው ቅንነት ከጥቅምት ጀምሮ ለመለዋወጫ መግዣ የወጣ 18,000 ብር፣ አባታዊው ምክር ደግሞ ለአንድ ጄኔሬተር ጥገና ተወስዶ ደረሰኙ ያልመጣ 6,400 ብር አለበት። ሰውዬው ክፋት አልሠራም። ቅድሚያ ክፍያ ወጪ አይደለም፤ ገንዘቡ ከካዝና ሲወጣ በወሰደው ሰው ስም በተሰብሳቢነት ይመዘገባል፣ ወጪ የሚሆነው ደረሰኝ ቀርቦ ሲወራረድ ነው። ሳይወራረድ ዓመቱ ከተዘጋ ፋብሪካው ያወጣውን ወጪ እንዳላወጣ ሆኖ ትርፉ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በሌለ ትርፍ ላይም ግብር ይከፈላል። ሂሳብ ሹሙ ዝርዝሩን ለአዲሱ ሰው ሳያስረክብ ቢሄድ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ስም እንጂ ታሪክ የሌለው ዕዳ ሆኖ ይቀር ነበር።

ይህን ማስረዳት ለእኔ ቀላል ነው፣ ስሜ አባሪ 3 ላይ የለም። ለተመሰገኑት ግን ሳምንቱ ከባድ ሆነ። ከየመሳቢያው፣ ከየመኪናው መስታወት ሥር፣ ከአንዱማ ከቤቱ ግድግዳ ላይ ሳይቀር ደረሰኝ ተለቅሞ መጣ። ግማሹ ቀለሙ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ሆኗል፤ የሙቀት ወረቀት ፀሐይ ሲያገኘው ጽሑፉን የሚተፋ መሆኑን የግዢ ኃላፊው በጥቅምት አላሰቡትም። ሌላው የፋብሪካው ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ስላልተጻፈበት አይያዝም። የጥገናው ጋሼ በበኩላቸው ጄኔሬተሩን የሠራው ሰው በእጁ የጻፈላቸውን ቁራጭ ይዘው ገቡና፣ «ልጄ፣ ይኼ ሰው እኮ ሃይማኖተኛ ነው» በማለት ማስረጃውን አጠናከሩ። ልጃቸው የተባለው ሂሳብ ሹም ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ፣ «አባባ፣ እሱንስ አላጣሁትም፤ ገቢዎች ግን ማኅተም ይጠይቀኛል» አላቸው።

ከአባሪዎቹ ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ ስለ ባንክ ማስታረቅ የሚናገረው አንድ ገጽ ነው። የፋብሪካው መዝገብ በግንቦት መጨረሻ 486,200 ብር አለን ይላል፣ የባንኩ መግለጫ ደግሞ 531,770 ብር ይላል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲያዩ ባንኩ የጨመረልን መስሏቸው ፊታቸው እንደበራ ጸሐፊዋ ነግራኛለች። ልዩነቱ ግን ስጦታ አይደለም፤ የ52,000 ብር ቼኮች ተጽፈው ለአቅራቢዎች ቢሰጡም ገና አልተመነዘሩም፣ 6,800 ብር ደግሞ በወሩ መጨረሻ ገቢ ተደርጎ ባንኩ ያልመዘገበው ነው። ከባንኩ ቁጥር የመጀመሪያውን ቀንሶ ሁለተኛውን ሲደምር 486,570 ሆነ። ከመዝገቡም ባንኩ ቆርጦ እኛ ያልመዘገብነውን 350 ብር የአገልግሎት ክፍያ ሲቀንስ 485,850 ቀረ። ሁለቱ መገናኘት ሲገባቸው 720 ብር ተራራቁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው 720 ብሯን «ልዩ ልዩ» ውስጥ ይከታትና ቦርሳውን ያዘጋጃል። እሱ ግን 720 ለዘጠኝ ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አየ፤ ለዘጠኝ የሚካፈል ልዩነት ብዙ ጊዜ ሁለት አኃዝ ቦታ ተቀያይሮ መጻፉን ይጠቁማል። ይህን ብቻ ይዞ የዓመቱን ቼኮች ወደ ኋላ ሲያገላብጥ፣ ለአታሚ ቀለም የተከፈለ 1,190 ብር በመዝገቡ ላይ 1,910 ተብሎ አገኘው። የመዘገበው ራሱ እንደነበረም በአባሪው ላይ ጽፎታል። ሥራ አስኪያጁ ገጹን አንብበው ሲጨርሱ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ታዲያ 720 ብሩን ማን ይመልሳል?» ገንዘቡ ከባንክ ወጥቶ እንደማያውቅ፣ የተሳሳተው መዝገቡ ብቻ እንደሆነ ለማስረዳት ግማሽ ቀን አለፈ።

ከዚያ ተረካቢ የመፈለጉ ጉዳይ መጣ። ማስታወቂያ ማውጣት ወጪ ነው ተባለና ሥራ አስኪያጁ ገንዘብ ያዥዋ ሂሳቡንም ደርባ እንድትረከብ ወሰኑ። ልጅቷ ታማኝ ናት፣ ማንም አልካደም። ሆኖም ሂሳብ ሹሙ በጽሑፍ ተቃወመ፤ ገንዘቡን የሚይዝ ሰው መዝገቡንም ከያዘ የጎደለውን የሚያይ ሌላ ዓይን አይኖርም፣ ጉድለት ቢመጣም ንጹሕነቷን የምታሳይበት ማስረጃ ራሷ የጻፈችው ብቻ ይሆናል። ገንዘብ ያዥዋ ይህን ስታነብ የደመወዝ ጭማሪው ቢያመልጣትም ግልባጩን አስነሥታ ቤቷ ወሰደችው። በመጨረሻ የተቀጠረው ወጣት ሰኔ 22 ላይ ደረሰ፤ ይህም በእኛ ቤት እንደ ፍጥነት ይቆጠራል።

ቀሪው በፍጥነት ሄደ ማለት ይቻላል። ያልተጀመሩ የደረሰኝ ጥራዞች በተከታታይ ቁጥራቸው ተቆጥረው ተፈረመባቸው፤ የሂሳብ ሶፍትዌራችን የፒችትሪ መጠባበቂያ ቅጂ በሁለት ፍላሽ ተገልብጦ አንዱ ካዝና ገባ። ሊያመልጥ ትንሽ የቀረው በኢንተርኔት የሚሞላው የግብር ማሳወቂያ ገጽ ነበር። መለያው የተመዘገበው በሂሳብ ሹሙ የግል ስልክ ስለሆነ የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው ወደ እሱ ነው፤ የሰኔ ደመወዝ ግብርና ጡረታ ደግሞ፣ ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11 በመቶ፣ የሚቀርበው በሐምሌ ነው። ሲሙ አውሮፕላን ላይ ቢዘጋ ፋብሪካው ከገዛ መለያው ውጭ ቆሞ ቅጣት ይቆጥር ነበር። ቁጥሩ የተቀየረው ሰኔ 28 ቀን፣ መብራት ከሄደበት ሲመለስ ነው።

በእኔ በኩል የቀረው ክሊራንሱ ነበር። አዋጁ የሠራተኛው ክፍያ ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ እንዲከፈል ይላል፣ የአሠሪውን ንብረት ካዘገየ ግን ጊዜው ሊራዘም ይችላል። ስለዚህ ቅጹን የያዘ ሰው በየክፍሉ እየዞረ ያስፈርማል፤ የእኛም ሰው ፊርማ የጠየቀው አባሪ 3 ላይ ስማቸውን ካሰፈራቸው ሰዎች ነበር። የግዢ ኃላፊው ሁለት ቀን «ስብሰባ» ላይ ዋሉ። የጥገናው ጋሼ የካልኩሌተር ባትሪ ይጎድላል አሉ። የሽያጭ ኃላፊዋ ብቻ በማይነጥፈው ፈገግታቸው ወዲያው ፈረሙ፤ ሂሳባቸውን ያወራረዱት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሲቀጠር ዋስ የሆኑለት አጎቱም ከአቃቂ ድረስ መጥተው የዋስትና ሰነዳቸው እስኪመለስላቸው በር ላይ ተቀመጡ፤ ሰነዱን ሲቀበሉ ፊርማቸውን ሁለት ጊዜ አይተው ወደ ኪሳቸው ከተቱት።

በኢሜይሉ የመጨረሻ መስመር «ለተረካቢው ጥያቄ እስከ መስከረም መጨረሻ በቴሌግራም እገኛለሁ» ብሎ ነበር፤ ፋብሪካውም ይህን እንደ ቋሚ የሥራ መደብ ወሰደው። ሐምሌ 9 ቀን ሌሊት ሥራ አስኪያጁ፣ ሂሳብ ሹማችን በደረሰበት በዚያ ስሙ ባልታወቀ አገር ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳይጠይቁ፣ «ሰላም ነህ ወይ፣ አገሩ እንዴት ነው፣ የጄኔሬተሩ 6,400 ብር የት ገባ?» ብለው ጻፉለት። መልሱ በደቂቃ ውስጥ ደረሰ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ጌታዬ። አባሪ 3፣ ተራ ቁጥር 3።»