እርስዎ ይፈርሙልኝ ብቻ

የቀድሞ አለቃ የሚታወሰው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድም ሲሞት፣ አንድም የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ማመልከቻ ሲከፈት። እኔ እስካሁን የምታወሰው በሁለተኛው ነው፣ ተመስገን። ከመስቀል ማግስት እስከ ጥምቀት ድረስ ረስተውኝ የከረሙ ሁሉ ይደውላሉ። የእኔ ጤና፣ የባለቤቴ ጤና፣ የልጆች ትምህርት በየተራ ተጠይቆ ሲያበቃ ትንሽ ዝም ይባላል። ከዚያ «ጋሼ፣ አንዲት ነገር ላስቸግርዎት ነበር» ይከተላል።

ዘንድሮ የመጣው በከተማችን የውኃ አገልግሎት ሦስት ዓመት በእኔ ሥር የሠራ ወጣት መሐንዲስ ነው። ጀርመን አገር በውኃ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ሊማር ዳአድ ለሚባለው ተቋም ያመለክታል። ተቋሙ ለባለሙያዎች በሚሰጠው በዚህ ዕድል ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ከአሠሪ የሚጻፈው የድጋፍ ደብዳቤም አርማ ባለው ወረቀት ላይ፣ በቅርብ ቀን፣ ከነፊርማውና ከነማኅተሙ እንዲሆን ይፈልጋል። ማኅተም መጠየቃቸውን ስሰማ ጀርመኖችን እንደ ዘመድ አየኋቸው።

«እርስዎ አይድከሙ፣ ጽፌው መጥቻለሁ» አለና ከክላሰር ውስጥ አንድ ገጽ አወጣ።

ወጉ እንዲህ ነው፤ አመልካች ራሱን ያመሰግናል፣ አለቃ ይፈርማል። ልጁን ፊት ለፊት «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» ብትሉት መሬት መሬት የሚያይ አይናፋር ነው። በወረቀቱ ላይ ግን በእኔ አንደበት ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ ጫና የማይበግረው፣ ወደር የሌለው ባለሙያ ሆኗል። ስሙን አውጥቼ የግቢያችንን ዘበኛ ስም ባስገባበት ሌላ አንዲት ቃል መቀየር አያስፈልግም። እንዲያውም ጫና የማይበግረው የሚለው ለዘበኛችን ይበልጥ ይስማማል።

«የሌሊቱን ሥራ የት አደረስከው?» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ ሰፈር የሚገባው ውኃና በደንበኞች ቆጣሪ የሚነበበው ጨርሶ አይገናኙም ነበር። ገሚሱ ቆጣሪ አንባቢዎቹን ይጠረጥራል፣ ገሚሱ ነዋሪው ይሰርቃል ይላል፤ ስብሰባም ተቀምጠንበታል፣ ቆሎ እየቆረጠምን። ይህ ልጅ ስብሰባውን ትቶ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የእጅ ባትሪ ይዞ ወደ ሰፈሩ መግቢያ ቆጣሪ ሄደ። ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ሳለ ቆጣሪው ይሽከረከራል። እንቅልፍ የሌለው ውኃ ማለት ከመሬት በታች የሚፈስ ውኃ ነው። ከዚያ የመንገዶቹን ቫልቮች አንድ በአንድ እየዘጋ ቆጣሪውን ያነብ ጀመር። አንደኛውን ሲዘጋ ቆጣሪው ፍጥነቱን በአንድ ጊዜ ቀነሰ። በማግስቱ ያንን መስመር ተከትለን አስቆፈርን፤ የተሰነጠቀው ቧንቧ ውኃውን ሁሉ ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ሲያፈስ ከርሟል፣ ለዚህ ነው መሬት ላይ ያልታየው።

«ይህን ለምን አልጻፍከውም?»

«ኧረ ጋሼ፣ ጉራ ይመስላል።»

ወደር የለሽ ነኝ ብሎ የጻፈ ሰው ቫልቭ ዘጋሁ ማለት አፈረ! ቅጽሎቹን ሁሉ ሰርዤ የሌሊቱን ሥራ ራሴ ጻፍኩት። ሲያነበው ፊቱ ጠቆረ፤ ታታሪ የሚለው መቅረቱ ከንክኖታል። «አንዲት እንኳ ትግባ» ብሎ ለመነኝ፤ ለሽማግሌ ነፍሴ ስል አንዲት አስገባሁለት።

ቀጥሎ መዝገብ ቤት። እህታችን ወጪ ቁጥር ሰጥታ ቀኑን 12/04/2018 ብላ ጻፈች። ለእኛ ታኅሣሥ 12 ነው። ጀርመን ሲደርስ ግን ኤፕሪል 12 ቀን 2018 ይሆናል። ደብዳቤው ውስጥ ደግሞ ልጁ በ2021 እንደ ተቀጠረ ጽፌያለሁ፣ በእነሱው አቆጣጠር። እንግዲህ ሳይቀጠር ከሦስት ዓመት በፊት ስለ ትጋቱ መስክሬለታለሁ ማለት ነው፤ ይህ የድጋፍ ደብዳቤ ሳይሆን ትንቢት ነው።

«ቀኑን በፈረንጅ አድርጊልን» አልኳት።

«የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፣ ጋሼ» አለችኝ፣ ባንዲራ የማውረድ ያህል አስቀይሜያት።

ብዙ ተከራክረን ከፊርማዬ ሥር የፈረንጁን ቀን የወሩን ስም በፊደል አድርጌ፣ ዲሴምበር 21 ቀን 2025 ብዬ እንድጽፍ ተስማማች። ማኅተም መቼም ፊርማ ካልነካ ማኅተም አይባልም። እህታችን ክቡን ማኅተም በሙሉ ክንዷ ስታሳርፈው ፊርማዬን ነካ፣ ቀኑን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ዋጠው። እንደገና አሳተምን፤ ሁለተኛውን ስትመታ እጇን እኔ ያዝኩት።

ልጁ ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ ክላሰሩ ተከፈተና ዩኒቨርሲቲው የጠየቀው ሁለተኛው ደብዳቤ ወደቀ። ከቀድሞ መምህሩ ነው፣ ተፈርሞ አልቋል። አነሳሁና አየሁት። ታታሪ፣ ታማኝ፣ ጫና የማይበግረው። ዝቅ ብሎ ደግሞ መምህሩ በከተማችን የውኃ አገልግሎት ሦስት ዓመት ሙሉ የልጁ የቅርብ አለቃ እንደ ነበሩ በፊርማቸው ያረጋግጣሉ።