እርማት፦ ባንኩ ተዋሃደ እንጂ ዕዳው አልጠፋም

«ጎንደር ያለው የአባታችን ቤት ካርታ ላይ በቤቶችና ቁጠባ ባንክ ስም የዋስትና እገዳ አለ። ባንኩ ስለጠፋ እገዳው በራሱ ይወርዳል አሉኝ። እውነት ነው?»

አይወርድም ወንድሜ። የቤቶችና ቁጠባ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1994 ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ ይህ የስም ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሃደ። ያኔ ስሙ ቀረ፤ መብቱና ዕዳው ግን ወደ ንግድ ባንክ ተሻገረ። ስለዚህ ዛሬ እገዳውን የማንሳት ሥልጣን ያለው እሱ ነው። ጎህ ቤቶች ባንክን በስሙ መመሳሰል ብቻ ወራሽ አድርገው የሚጠይቁ አሉ፤ እሱ ሌላ አዲስ ባንክ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍለጋው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 በፊት የተፈረመ ውል የሚይዘው የመጀመሪያውን ስም ብቻ ስለሆነ፣ በንግድ ባንክ ስም ሲፈለግ «የለም» ይባላል። ማመልከቻው ላይ የአባትህን ሙሉ ስም፣ የብድር ውሉን ቁጥርና ቀን፣ ሦስቱንም የባንክ ስሞች በቅደም ተከተል ጻፍ። ዕዳው ተከፍሎ ከሆነ ደረሰኞቹን አያይዝ። የምትቀበለው ደብዳቤ «ዕዳ የለበትም» ብቻ ካለ አትውሰደው፤ የካርታውን ቁጥር፣ በቀድሞው ባንክ ስም የተመዘገበው እገዳ ይነሳ የሚለውንም መያዝ አለበት። አለዚያ የመሬት ቢሮው ሠራተኛ መዝገቡ ላይ ያለው ስም ከደብዳቤው አይገጥምም ብሎ ይመልስሃል።