ማስተካከያ፦ ቀይ ሻማ ሁልጊዜ ከትናንት የወረደ ዋጋ አይደለም

በሰንጠረዥ ላይ የአክሲዮንን የአንድ ቀን የዋጋ እንቅስቃሴ ስለሚያሳየው ምስል፣ ስለ ሻማ፣ ቀደም ሲል የጻፍነው፦ «የዕለቱ ሻማ ቀይ ከሆነ አክሲዮኑ ከትናንቱ ዋጋ ወርዷል። የታችኛው ክር ረጅም ከሆነ ደግሞ ነገ ይጨምራል።»

ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

በተለመደው አሣሣል፣ ቀለሙ የሚያነጻጽረው የዚያኑ ቀን መክፈቻና መዝጊያ ዋጋ ነው። አንድ አክሲዮን ትናንት በ100 ዶላር ዘጋ እንበል። ዛሬ በ108 ከፈተ፣ እስከ 110 ወጣ፣ እስከ 101 ወረደ፣ በ104 ዘጋ። ከ108 እስከ 104 ያለው ወፍራም ክፍል የሻማው አካል ነው፤ መዝጊያው ከመክፈቻው ስላነሰ ቀይ ይሆናል። ነገር ግን ትናንት በመዝጊያው ዋጋ የገዛ ሰው በአንድ አክሲዮን 4 ዶላር አትርፏል። ስለዚህ ከትናንት ጋር ለማነጻጸር ሁለቱን መዝጊያዎች እንጂ ቀለሙን አትመልከቱ። በጃፓንና በቻይና ገበያዎች ደግሞ ቀይ የሚያመለክተው ጭማሪን ነው፤ መጀመሪያ የሰንጠረዡን የቀለም ቅንብር ማየት ይበጃል።

ከአካሉ በላይና በታች ያሉት ቀጫጭን ክሮች ዋጋው የነካቸውን ጫፎች ያሳያሉ። በምሳሌያችን የታችኛው ክር ከ104 እስከ 101 ይደርሳል። ይህ ማለት በ101 አካባቢ ገዢዎች ገብተው ዋጋውን ወደ ላይ መልሰውታል ማለት ነው። ስለ ነገ ግን ማረጋገጫ አይሰጥም። ከብዙ ቀን ውድቀት በኋላ፣ በከፍተኛ የግብይት መጠን ከታየ፣ ክብደት ይኖረዋል፤ ጥቂት አክሲዮን ብቻ በተሸጠበት ቀን ግን አንድ ትልቅ የሽያጭ ትዕዛዝ ብቻውን ሊፈጥረው ይችላል።

አንድ ሻማ የቀኑ ከፍተኛ ዋጋ ከዝቅተኛው በፊት ይነካ ወይስ በኋላ አይናገርም። ቅደም ተከተሉን ለማወቅ የዚያኑ ቀን የ15 ደቂቃ ሰንጠረዥ ክፈቱ።